ኩምቢ ያበቀለው የዶርዜ ቤት

የዶርዜ ቤት ግድግዳው የት አልቆ ጣሪያው የት እንደሚጀምር አይለይም። የተሰነጠቀ ቀርከሃ ከመሬት ተነስቶ እስከ ጫፉ ድረስ እንደ ትልቅ ቅርጫት ይጠለፋል። ከላዩ በእንሰት ቅጠል ወይም በቀርከሃ ሽፋን ይለብሳል። አዲስ ሲሠራ ቁመቱ እስከ 12 ሜትር ሊደርስ ይችላል። መግቢያው ወደ ፊት ወጣ ያለ ነው፤ ከበላዩ ሁለት የአየር ቀዳዳዎች አሉ። ከዝሆን ፊት ጋር የሚያመሳስሉትም ለዚህ ነው።

ቢሯችን ስለ አገራችን ቤቶች የልጆች መጽሐፍ ሲያዘጋጅ፣ ዲዛይነራችን ዶርዜዎች የሚኖሩባትን የጨንቻን ገጽ በጽሑፍ ሲታዘዝ ሥዕል በሚሠራ ፕሮግራም፣ በምስል አመንጪ፣ ሠርቶ አመጣ። የጭቃ ግድግዳ፣ ሾጣጣ የሣር ክዳን፣ ከጀርባ ዘለላ ያንጠለጠለ ሙዝ። ሒሳብ ሠራተኛችን ያደገችው ጨንቻ ነው። ስክሪኑን ቀና ብላ አየችና «ወንድሜ፣ ይሄ የኛ ቤት አይደለም። እኛ ጓሮ ያለውም እንሰት እንጂ ሙዝ አይደለም» አለችው።

እሱም ትእዛዙ ላይ ቃል መጨመር ጀመረ። «የዝሆን ፊት የሚመስል» ሲል ቤቱ የምር ኩምቢና ጥርስ አበቀለ። «ከቀርከሃ የተሠራ» ሲል በቋሚ ምሰሶዎች ላይ የተንጠለጠለ የደቡብ ምሥራቅ እስያ ቤት መጣ። «የኢትዮጵያ ባህላዊ ቤት» ሲል ተመልሶ ጭቃ ጎጆ ሆነ። እኔ አጠገቡ ቆሜ ሳየው ችግሩ የቃል እጥረት እንዳልሆነ ገባኝ። እያንዳንዱ ቃል ምስሉን ይጎትተው የነበረው ብዙ ፎቶ ወዳለበት አገር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምስል አመንጪ ሞዴል የሚማረው ከፎቶና አብሮት ከተጻፈው መግለጫ ነው። ለምሳሌ በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ላዮን-5ቢ የተባለው ስብስብ ከድረ ገጾች የተለቀሙ 5.85 ቢሊዮን የፎቶና የጽሑፍ ጥንዶች ነበሩት። መግለጫዎቹን ማንም ቁጭ ብሎ አላረመም፤ ድረ ገጹ ላይ እንደተገኙ ተወሰዱ። የዶርዜን ቤት ያነሳ ቱሪስት ከፎቶው ሥር «የአፍሪካ ጎጆ» ብሎ ከጻፈ፣ ሞዴሉ ያንን ቤት ከሌላው ጎጆ ሁሉ ጋር ይደባልቀዋል። «ዶርዜ» የሚለው ስም አብሮት የሚመጣው ፎቶ ጥቂት ስለሆነ ለብቻው የሚያስታውሰው ቅርጽ አይኖረውም። ሞዴሉ ደግሞ «ይህን አላውቅም» ብሎ አያቆምም። ክፍተቱን በሚቀርበው ነገር ይሞላዋል። እንሰቱ ሙዝ የሆነውም በዚሁ መንገድ ነው፤ ቅጠላቸው ስለሚመሳሰል ፎቶው የበዛው አሸነፈ።

ቀጥሎ የሞከርነው ሎራ የሚባለውን ነው። ሞዴሉን ከመጀመሪያው ሳያሠለጥኑ፣ በጥቂት ፎቶዎች አንድ ነገር ብቻ ጨምረው የሚያስተምሩበት ዘዴ ነው። ሒሳብ ሠራተኛችን ከዘመዶቿ ፎቶ አሰባሰበች፤ ለምን እንደምንፈልገው ነግራ ባለቤቶቹን አስፈቅዳለች። መግለጫውን የጻፍነው አንድ በአንድ ነው። «ባህላዊ ቤት» አላልንም። የተጠለፈ ቀርከሃ፣ ወጣ ያለ መግቢያ፣ ሁለት ቀዳዳ፣ አዲስ ወይም ያረጀ እያልን ጻፍን።

ውጤቱ በጣም ተሻሻለ። ኩምቢው ጠፋ፣ የጭቃው ግድግዳም ጠፋ። ግን የወጣው ቤት ሁሉ ረጅም ነበር፤ ሁሉም ፊቱን ወደ ካሜራው አዙሯል። ሰው የዶርዜን ቤት የሚያነሳው በአብዛኛው ከፊት ለፊቱ ቆሞ ስለሆነ፣ ከጎንና ከጀርባ ያለን ፎቶ ትንሽ ነበር። ያረጀ ቤትማ ከነጭራሹ ጥቂት ነው።

ለእኛ ግን ያረጀው ቤት ዋናው ነገር ነበር። ቀርከሃው መሬት የሚነካበትን ቦታ ምስጥ ይበላዋል። የተበላው እየተቆረጠ ሲሄድ ቤቱ በየዓመታቱ እያጠረ ይመጣል። ካስፈለገም ብዙ ሰው ሆኖ ቤቱን እንዳለ አንስቶ ሌላ ቦታ ይተክለዋል። የመጽሐፉ ታሪክ አያትየው በልጅነታቸው የሚያውቁት ረጅም ቤት ዛሬ ለምን እንዳጠረ የሚናገር ነው። ሞዴሉ አጭር ቤት ሲባል ረጅሙን ቤት አሳንሶ ይሥለዋል፤ በሩም ቀዳዳዎቹም አብረው ይቀንሳሉ። እውነተኛው ያረጀ ቤት ግን የሚያጥረው ከሥር ብቻ ነው። የላይኛው ክፍል እንደነበረው ይቀራል፣ ቀዳዳዎቹም ወደ መሬት ይጠጋሉ። ልዩነቱን ለማወቅ በሩን ከቀዳዳዎቹ ጋር ማነጻጸር ይበቃል።

ስለዚህ የአዲሱን ቤት ገጽ ከሎራው የወጣውን አርመን ተጠቀምን። ያረጀውን ቤት ሠዓሊያችን በእርሳስ ሠራችው። ሒሳብ ሠራተኛችን አጠገቧ ተቀምጣ መግቢያው የት ድረስ ዝቅ እንደሚል በጣቷ እያሳየቻት ነበር።