92 በመቶ ተስማምተን ካፓው ለምን 0.46 ሆነ?

የመመረቂያ ጥናቴ ጋዜጦች በጤና ዜናዎቻቸው ሴት ምንጮችን ምን ያህል እንደሚጠቅሱ የሚመረምር ነበር። ከአንዲት የክፍል ጓደኛዬ ጋር 100 ዘገባዎችን ለየብቻችን፣ ሳንመካከር አንብበን «ሴት ምንጭ አለች» ወይም «የለችም» እያልን ኮድ ሰጠን። በ92ቱ ተስማማን። በደስታ ለአማካሪዬ ስልክላቸው የመለሱልኝ አንድ ቃል ብቻ ነበር፦ «ካፓውስ?» ካፓ በአጋጣሚ ሊገኝ የሚችለውን ስምምነት ቀንሶ የሁለት ኮድ ሰጪዎችን ስምምነት የሚለካ ቁጥር ነው።

ሳሰላው 0.46 ወጣ። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ እንደገና አሰላሁ፤ ያው ነው። ምክንያቱን ያገኘሁት ሠንጠረዡን ስዘረጋ ነው። ሁለታችንም «የለችም» ያልናቸው 88፣ ሁለታችንም «አለች» ያልናቸው ግን 4 ብቻ ነበሩ። እኔ ብቻ «አለች» ያልሁት 5፣ እሷ ብቻ ያለችው 3። ሴት ምንጭ እምብዛም ስለማትገኝ፣ ዘገባውን ሳናነብ በዚያው መጠን በዘፈቀደ ብንሞላ እንኳ ብዙውን ጊዜ «የለችም» ላይ እንገናኝ ነበር። ይህ በአጋጣሚ የሚጠበቅ ስምምነት Pe፣ ካፓው ደግሞ κ ይባላል፦

```
Pe = 0.09×0.07 + 0.91×0.93 = 0.853
κ  = (0.92 − 0.853) / (1 − 0.853) = 0.46
```

የስታቲስቲክስ ባለሙያዎቹ ላንዲስና ኮክ በ1977 ባወጡት የካፓ ደረጃዎች ሠንጠረዥ ከ0.41 እስከ 0.60 «መካከለኛ» ይባላል፤ እኔም ይህንኑ ጽፌ ለማለፍ አሰብሁ። አማካሪዬ ግን ደራሲዎቹ ራሳቸው ድንበሮቹን በዘፈቀደ የተሰመሩ እንዳሏቸው አስታወሱኝ። የእኔ ካፓ 95 በመቶ የመተማመኛ ክልልም ከ0.10 እስከ 0.82 ግድም ይዘረጋ ነበር። ይህን ያህል ሰፊ ክልል በአንድ ቅጽል መሸፈን አንባቢን ማሳሳት ነው።

ከዚያ ያልተስማማንባቸውን ስምንት ዘገባዎች አንድ በአንድ አየን። ጥፋቱ ከአማርኛችን አክብሮት የመጣ ነበር ብል አላጋነንሁም፦ «የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ደስታ ... ገለጹ» ሲል ግሡ ጾታን ይደብቃል፣ ደስታም የሁለቱም ጾታ ስም ነው። አንዳችን ስንገምት ሌላችን እንተወው ነበር። በኮድ መመሪያው ላይ «ወይዘሮ» ወይም «ኃላፊዋ» የመሰለ ግልጽ ምልክት ከሌለ «የለችም» ይባል የሚል ደንብ ጨመርን።

በተወያየንባቸው 100 ዘገባዎች ላይ ካፓን ደግሞ ማስላት ራስን ማታለል ስለሆነ 200 አዳዲስ ወሰድን። በዚህ ዙር ካፓው 0.83፣ ክልሉም ከ0.70 እስከ 0.96 ሆነ። በጥናቱ ላይ የሁለቱንም ዙር ካፓ፣ የስምምነቱን መቶኛና ባለአራት ሳጥኑን ሠንጠረዥ አሰፈርሁ። በ200ዎቹ የቀሩትን 6 ልዩነቶች የፈታነው ካፓው ከተሰላ በኋላ መሆኑንም ጽፌያለሁ።

ከሥሩ ለአንባቢ አንድ ማሳሰቢያ አከልሁ፦ 0.83 ሁለታችን ደንቡን በአንድ ዓይነት መንገድ እንደተከተልን እንጂ ደንቡ ትክክል መሆኑን አያሳይም። ከ«ገለጹ» በስተጀርባ የቀረችው ሴት ኃላፊ በሁለታችንም ቅጽ ላይ «የለችም» ተብላለች።