ለእትዬ አንድ፣ ለአጎቴ ልጅ ሌላ

የአባቴ ታላቅ እህት ቢቸና ይኖራሉ። እትዬ እንላቸዋለን። በየዓመቱ ኅዳር 12 የሚካኤልን ዝክር ያወጣሉ። ጆሯቸው ስለከበደ በስልክ ማነጋገር ጩኸት ብቻ ነው፤ ፊደልም አልቆጠሩም። ስለዚህ መልእክት የምልክላቸው አብራቸው እየኖረች በምትማረው በአጎቴ ልጅ ስልክ ነው። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። እኔ ባሕር ዳር ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ነኝ።

አንድ ዓመት ዝክሩ ሲቃረብ ሁለቱም በአንድ ቀን ጠየቁኝ። እትዬ «ለሚካኤል ይመጣል ወይ በዪልኝ» አስባሉ፤ ልጅቱም በራሷ በኩል «ጋሼ፣ መቼ ነው የምትመጣው?» አለች። መልሱ አንድ ነበር፦ ሐሙስ ኅዳር 12 የሌሊት ተረኛ ነኝ፣ የምደርሰው ቅዳሜ ኅዳር 21 ነው። ለሁለቱም ይበቃል ብዬ እንዲህ ላክሁ፦

«ለሚካኤል በሥራ ምክንያት እንደማልመጣ ይወቁ። እግዚአብሔር ቢፈቅድ ለጽዮን እመጣለሁ።»

ጉዱ የመጣው «ይወቁ» ከሚለው ቃል ነው። እኔ «እርስዎ ይወቁ» ማለቴ ነበር። ነገር ግን በእኛ ቋንቋ አንድን ሰው በአክብሮት ስንጠራና ብዙ ሰዎችን በሩቅ ስናነሣ ግሱ አንድ ነው፤ የሚለየው ፊት ለፊት መነጋገራችን ብቻ ነው። መልእክቱ በልጅቱ ስልክ ሲደርስ ያ ፊት ለፊትነት ጠፋ። እርሷም «እነርሱ ይወቁ» ብላ ተረዳችውና እትዬ ከቤተ ክርስቲያን እስኪመለሱ ሳትጠብቅ ለማኅበርተኞቹ ነገረች። እትዬ የእኔን መቅረት የሰሙት ጌሾ ሊወቅጡ ከመጡ ጎረቤት ነው። «ለእኔ ሳይነግር ለአገር ነገረ» ብለው አኮረፉ። ልጅቱም ብትሆን ደስ አላላትም፤ «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» የሚለውን አይታ «እንግዲህ ለጽዮንም ላትመጣ ነው» ብላ ጻፈችልኝ።

ይህ ሁለተኛው ነገር ብዙ አሳሰበኝ። ለእትዬ «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» ያልተባለበት ቀጠሮ ድፍረት ነው፤ ነገን በእጁ የያዘ ሰው ንግግር ይመስላቸዋል። ለልጅቱ ግን ያው ቃል ትልልቅ ሰዎች እምቢ ማለት ሲያፍሩ የሚሸሸጉበት ጥግ ነው። በእርሷ ዕድሜ እኔም እንዲሁ ነበር የምሰማው፤ አልፈርድባትም።

በማግስቱ ሁለት መልእክት ለይቼ ጻፍሁ። የእትዬ ይህ ነው፦

«ይህን ለእትዬ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? አጨዳውስ እንዴት ሆነ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። እትዬ፣ ዘንድሮ ከዝክርዎ ልቀርብዎ ነው። በዚያ ሌሊት ከታመሙ ሰዎች ጋር የማድረው እኔ ነኝ፤ የሚተካኝ ለምኜ አጣሁ። አስቀድሜ ለእርስዎ ሳልነግር ወሬው በሰው አፍ መድረሱ የእኔ ጥፋት ነው፣ ይቅር ይበሉኝ። እግዚአብሔር ቢፈቅድ ለጽዮን ማርያም ከደጅዎ ነኝ። ጾም ገብቶ እንደምመጣ አውቃለሁ፤ የእርስዎ ሽሮ ይበቃኛል።»

የጾሙን ነገር ያስገባሁት አስቤበት ነው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል። ለእኔ ከ12 ወደ 21 መዛወር የዘጠኝ ቀን ጉዳይ ነው፤ ለእትዬ ግን ዶሮ ሠርተው የሚያበሉኝን አንድ ቀን መውሰድ ነው። ቀድሜ ካላነሣሁት ቅሬታው እዚያው ላይ ይቀራል። «አልመጣም» የሚለውንም ቃል አወጣሁት። «ልቀርብዎ ነው» ሲባል ጉዳቱ የቀሪው ጭምር ይሆናል፤ «አልመጣም» ግን በር መዝጋት ነው። ቁጥርም አልጻፍሁም፤ ጽዮን ማርያም መቼ እንደምትውል ከእኔ በላይ ያውቃሉ።

ለልጅቱ፦

«ሐሙስ አልመጣም፤ የሌሊት ተረኛ ነኝ። ቅዳሜ ኅዳር 21 በሞጣ በኩል በሚመጣው መኪና እመጣለሁ፤ ትኬቱን ነገ እቆርጣለሁ። የሒሳብ መጽሐፍሽን ይዣለሁ። የትናንቱ ስሕተት ያንቺ አይደለም፣ እኔ ነኝ አሻሚ አድርጌ የጻፍሁት።»

እርሷ ዘንድ «አልመጣም» መጀመሪያ ላይ መሆን ነበረበት። ሰላምታውን ካስረዘምሁት መጥፎ ወሬ እየመጣ ነው ብላ ትዘላለች። በመጀመሪያው ረቂቅ መጨረሻ ላይ «ትምህርትሽን በርቺ» የሚል ጨምሬ ነበር፤ ከመላኬ በፊት ሰረዝሁት። ከዚህ ቀደም ይህን ስጽፍላት የማገኘው መልስ ሁልጊዜ «እሺ» ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ደረስሁ። እትዬ ሳሙኝና፣ «ሰላምታህማ እንዴት ያማረ ነበር! ከብቶቹን እንኳ በየስማቸው ጠይቀህ» አሉኝ። ስለ ከብት አንድም ቃል አልጻፍሁም። ወደ ልጅቱ ዞር ብል የሒሳብ መጽሐፉን ገልጣ አንገቷን ደፍታለች።