የማኔጅመንት ማረጋገጫ ደብዳቤ እና የአዘዞው መጋዘን ሰሊጥ

ይህ ማስታወሻ ኦዲት ለጀመራችሁ ጓዶች ነው። የዚህ ዙር ርዕስ ኦዲት ሲጠናቀቅ ሥራ አስኪያጁና የፋይናንስ ኃላፊው ፈርመው ለኦዲተሩ የሚሰጡት ደብዳቤ ነው። ዓለም አቀፉ የኦዲት ደረጃ አይ ኤስ ኤ 580 የሚገዛው ይህንኑ ደብዳቤ ነው።

ደብዳቤው የሒሳብ መግለጫውን የማዘጋጀት ኃላፊነት የማኔጅመንቱ መሆኑን፣ ሰነድ ሁሉ ለኦዲተሩ መቅረቡንና ያልተመዘገበ ግብይት አለመኖሩን ይይዛል። የሚታወቅ ማጭበርበር፣ የፍርድ ቤት ክስና ከተዛማጅ ወገኖች ጋር የተደረገ ግብይትም ይጠቀሱበታል።

ችግሩ የሚመጣው ደብዳቤው የጎደለ ሥራ መሸፈኛ ሲሆን ነው። ለምሳሌ አዘዞ መጋዘን ያለው አንድ የሰሊጥ ነጋዴ እንውሰድ። መዝገቡ ሰኔ 30 ላይ 1,200 ኩንታል አለኝ ይላል፤ ኦዲተሩ ግን የተሾመው ከዚያ በኋላ በመሆኑ ቆጠራው ላይ አልነበረም። ሥራ አስኪያጁ «1,200 ኩንታል መኖሩን እናረጋግጣለን» ብሎ ቢፈርም፣ ያገኘነው መዝገቡን የጻፈውን ወገን ቃል ለሁለተኛ ጊዜ ነው። ሰሊጡን ያየ ሌላ ሰው የለም።

መፍትሔው ዛሬ ቆጥሮ ወደ ኋላ መመለስ ነው። ሐምሌ 20 ሲቆጠር 860 ኩንታል ተገኘ እንበል። ከሐምሌ 1 ጀምሮ 410 ወጥቷል፣ 90 ገብቷል። 860 ላይ 410 ደምረን 90 ስንቀንስ 1,180 ይመጣል፤ 20 ኩንታል ጎድሏል ማለት ነው። ስሌቱ የሚያዋጣው ግን የገቢና የወጪ ደረሰኞቹ በተከታታይ ቁጥር ተፈትሸው ሲሟሉ ብቻ ነው። ቆጠራው ላይም ጆንያ ቆጥሮ መሄድ አይበቃም፤ ጥቂቱን መመዘንና ክምሩ መሃሉ ባዶ አለመሆኑን ማየት ያስፈልጋል።

«ጉድለቱ ሲበጠር የወጣ ቆሻሻ ነው» ከተባለ፣ ከመበጠሩ በፊትና በኋላ የተመዘነበትን ወረቀት ጠይቁ። ከሌለ፣ በኩንታል 10,000 ብር ወጪ 200,000 ብር ስህተት ሆኖ ይያዛል። ማኔጅመንቱ አላስተካክልም ካለ፣ ደብዳቤው አሁን ቦታውን ያገኛል፦ ያልተስተካከሉት ስህተቶች ዝርዝር ይያያዝበታል፣ «በተናጠልም ሆነ ተደምረው መግለጫውን የሚያዛቡ አይደሉም ብለን እናምናለን» ብለውም ይፈርማሉ። እምነታቸው ነው እንጂ የእኛ ድምዳሜ አይደለም፤ ያን ለብቻ እንመዝናለን።

ደብዳቤው ጉልበት የሚያገኘው ጉዳዩ በማኔጅመንቱ ሐሳብ ውስጥ ሲሆን ነው፤ ለምሳሌ አንድን ሕንፃ ለመሸጥ ማሰባቸውን በተመለከተ። ያኔም ቢሆን የቦርድ ቃለ ጉባኤውን አብሮ ማየት ነው።

ቀኑን አትርሱ። ሪፖርቱ መስከረም 25 ከተፈረመ የነሐሴ 10 ደብዳቤ በመካከል የሆነውን አይሸፍንም፤ ከሪፖርቱ ቀን በኋላ የተጻፈም አይሆንም። ኃላፊነታቸውን የሚገልጸውን ክፍል አንፈርምም ካሉ ደግሞ፣ ኦዲተሩ በመግለጫው ላይ አስተያየት ከመስጠት ይታቀባል።