ከመስኮት የመጣ ቁጣ

ድመት ባለቤቷን «ያለ ምክንያት» ነከሰች ሲባል፣ መጀመሪያ የማስበው ስለ መስኮቱ ነው። አመሻሽ ላይ ድመቷ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ሌላ ድመት በውጭ ሲያልፍ አየች እንበል። መስታወቱ ስለሚከለክላት ልታባርረው አትችልም፤ ሰውነቷ ግን ለጠብ ተዘጋጅቷል። ባለቤቷ «ምን ሆንሽ?» ብላ ጀርባዋን ስትነካት ቁጣው እጇ ላይ ያርፋል። ድመቷ ቂም ይዛ አይደለም። በዚያች ቅጽበት ቅርቧ የተገኘውን ነው የነከሰችው።

አስቀድሞ የሚታይ ምልክት አለ። የዓይኗ ብሌን ይሰፋል፣ ጆሮዋ ይተኛል፣ ጭራዋ ይወራጫል፣ ስሟ ሲጠራ እንኳ ዞር አትልም። በዚህ ጊዜ እጅ መስደድ አይገባም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ከጥቃቱ በኋላ ነው። ድመቷ ዝም ስትል ተረጋጋች ብሎ ያባብላታል፣ ያቅፋታል፤ ሁለተኛው ንክሻ የሚመጣውም ያኔ ነው። ውጭ ያለው ድመት ከሄደ በኋላም ቁጣው ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ከአንድ ቀን በላይ ሊቆይ ይችላል። መጮህና መምታት ደግሞ ፍርሃት ጨምሮ ያባብሰዋል፤ ባለቤቷንም ከዚያ ድንጋጤ ጋር አያይዛ እንድታስታውስ ያደርጋታል።

የሚሻለው ከክፍሉ ቀስ ብሎ ወጥቶ በሩን መዝጋት ነው። መጋረጃው ቢዘጋና መብራቱ ቢጠፋ ጥሩ ነው፤ ግን ለዚህ ብሎ አጠገቧ ማለፍ አያስፈልግም። መውጫው በእሷ በኩል ከሆነ ትልቅ ትራስ ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ እንደ ጋሻ ይዞ ማለፍ ይቻላል። ውሃ፣ ምግብና የምትጸዳዳበት ሣጥን እዚያው ይሁንላት። ቤት ውስጥ ሌላ ድመት ካለ ለብቻው ይለይ፤ ለዓመታት አብረው የተኙ ድመቶች በእንዲህ ያለ አንድ ምሽት ሊጣሉ ይችላሉና።

መረጋጋቷ የሚታወቀው በዝምታዋ ሳይሆን በምታደርገው ነው፦ ስትበላ፣ ራሷን ስትልስ፣ ሰውነቷን አላልታ ስትተኛ። ያኔም ቢሆን ራሷ ትምጣ እንጂ አትፈለግ።

ንክሻውን በተመለከተ እለምናችኋለሁ፣ ትንሽ ናት ብላችሁ አትተዉት። የድመት ጥርስ ቀጭንና ስለታም በመሆኑ ባክቴሪያውን ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ቀዳዳው ከላይ ቶሎ ይዘጋል። በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ታጥቦ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው፣ በተለይ እጅ ላይ ከሆነ። ድመቷ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መውሰድ አለመውሰዷም ለሐኪሙ ይነገረው።

መንስኤው ካልተወገደ ነገሩ ይደገማል። የመስኮቱን የታችኛውን ክፍል ብርሃን በሚያስገባ ግን በማያሳይ ፕላስቲክ መሸፈን፣ ውጭ ድመት የሚስብ የምግብ ትርፍራፊ አለመተው ብዙ ይረዳል። በመስኮትም ሆነ በድምፅ ምንም ምክንያት ካልተገኘ፣ ሕመም ሊሆን ስለሚችል የእንስሳት ሐኪም ይመርምራት።