ፒሪንጉ እንዳይጋጭ አድራሻውን እንዴት እንደከፋፈልኩት

ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ አንድ ዕቃ አስተላላፊ ድርጅት ውስጥ ኔትወርክ እሠራለሁ። ከጅቡቲ የሚገባውን ዕቃ የምንከታተልበት ሲስተም ክላውድ ላይ ነው። የሒሳብ ክፍሉ ሲስተምም ክላውድ ላይ ነው፤ ግን በሌላ አካውንት፣ በሌላ ባለሙያ የተሠራ። ሁለቱ በውስጥ አድራሻ ይገናኙ ተባለና ሥራው እኔ ጋ መጣ።

ሁለት የክላውድ ኔትወርኮችን በውስጥ አድራሻ በቀጥታ የሚያገናኘውን የፒሪንግ ጥያቄ ላክሁ። ወዲያው `failed` አለ። ምክንያቱ ሩቅ አልነበረም፤ ሁለቱም ቪፒሲዎች፣ ማለትም ክላውድ ላይ ያሉት የግል ኔትወርኮች፣ `10.0.0.0/16` ናቸው። አማዞን ክላውድ ላይ ብዙ ሰው የሚጀምረው በዚሁ ቁጥር ነው። አድራሻው ከተደራረበ ደግሞ ፒሪንግ የለም።

አብሮኝ የሚሠራው ልጅ «አቦ አታካብዳት! ሁለተኛ ሬንጅ ጨምርበትና በሱ ይገናኙ» አለኝ። እውነትም አንድ ቪፒሲ ላይ ተጨማሪ ሬንጅ ማስገባት ይቻላል። ለዚህ ግን አይረዳም። ፒሪንግ ሲጠየቅ የሚታየው የቪፒሲው ሬንጅ በሙሉ ነው። ባትጠቀሙበትም እንኳ አንዱ ከተደራረበ ጥያቄው ይወድቃል። ቪፒሲው ሲፈጠር የተሰጠው የመጀመሪያው ሬንጅ ደግሞ አይነሳም፣ አይቀየርም። ፒሪንግ ከተፈለገ ያለው መፍትሔ ከሁለቱ አንዱን አዲስ ቪፒሲ ውስጥ እንደገና መሥራት ነው።

የሒሳቡን መረጥኩ፤ ሰርቨሮቹ ጥቂት ናቸው። ከማዛወሬ በፊት ግን አድራሻ በቁጥር የተጻፈበትን ቦታ ሁሉ በየማሽኑ ፈለግኩ።

```
grep -rn "10\.0\." /etc /opt
```

መጋዘን ያለው የሚዛን ፕሮግራም ዳታቤዙን የሚጠራው በቁጥር ሆኖ ተገኘ። መጀመሪያ በስም እንዲጠራው አደረግኩ፤ ከዚያ ስሙ የሚያመለክተውን አድራሻ መቀየር ብቻ ነው የሚቀረው። ዳታቤዙን በስናፕሾት አዲሱ ቪፒሲ ውስጥ አነሳሁት። እሱ ሌሊት የሚሠራ ሥራ ነው፤ ስናፕሾቱ ከተወሰደ በኋላ የገባ መረጃ አብሮ አይሄድምና።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ አዲሱ አከፋፈል። ለድርጅቱ በሙሉ `10.40.0.0/14` ያዝኩ። ይህ ከ`10.40` እስከ `10.43` ያለው ነው። `10.40` ለዋናው ሥራ፣ `10.41` ለሙከራ፣ `10.42` ለቢሮና ለመጋዘን። `10.43` ባዶ ይቆያል። የ`172.16` ወገን የሆነውን ሬንጅ ሆን ብዬ ተውኩት። ዶከር ሲጫን ራሱ `172.17.0.0/16`ን ይይዛል። ቪፒሲያችሁ እዚያ ላይ ከወደቀ ፒሪንጉ ጤነኛ ይመስላል፤ ዶከር ያለበት ሰርቨር ግን መልሱን ወደ ራሱ ኮንቴይነሮች ይልክና ግንኙነቱ ዝም ብሎ ይንጠለጠላል። `ip route` ስትሉ ከዚያ መስመር ጎን `docker0` ካያችሁ ነገሩ እሱ ነው።

ለእያንዳንዱ ቪፒሲ `/20` ሰጠሁ፣ 4096 አድራሻ ማለት ነው። ለእኛ ዓይነት ድርጅት `/16` መስጠት ብክነት ነው። የሒሳቡ `10.40.0.0/20` ሆነ። ቀጥሎ ያለውን `10.40.16.0/20` ለማንም አልሰጠሁም። ሒሳቡ ቢያድግ ያንን ሁለተኛ ሬንጅ አድርጌ እጨምርለታለሁ፤ ሁለቱም በ`10.40.0.0/19` በአንድ የራውት መስመር ይገባሉ። ሌላ ቪፒሲ ሲመጣ ከ`10.40.32.0` ይጀምራል።

መደራረብን በዓይን መፈተሽ አያዋጣም። `10.40.0.0/20` እና `10.40.8.0/21` ሲታዩ የተለያዩ ይመስላሉ። የመጀመሪያው ግን እስከ `10.40.15.255` ስለሚደርስ ሁለተኛውን ይውጠዋል። በፓይተን ይታያል፦

```
from ipaddress import ip_network as n
a = n("10.40.0.0/20")
print(a.overlaps(n("10.40.8.0/21")))
```

`True` ካለ ተጋጭቷል። ዝርዝሩ አንድ ፋይል ላይ ነው፤ አዲስ መስመር ሲጨመር ከነባሮቹ ሁሉ ጋር በዚህ ይፈተሻል።

ፒሪንጉ `active` ካለ በኋላም ዳታው አላለፈም። ይሄ የሚጠበቅ ነው። ራውት ቴብሉ ላይ በሁለቱም በኩል መስመር መጻፍ አለበት፤ የሴኪዩሪቲ ግሩፑም በር መከፈት አለበት። አንዱ ወገን ብቻ ከተጻፈ ጥያቄው ይደርሳል፣ መልሱ ግን መንገድ አያገኝም።

የቢሮውንም ከ`192.168.1.0/24` ወደ `10.42.0.0/24` አዛወርኩት። ብዙ የቤት ራውተር ያንኑ `192.168.1` ስለሚሰጥ፣ ከቤቱ በቪፒኤን የሚገባ ሰው የቢሮውን ፕሪንተር ሲፈልግ ኮምፒውተሩ እዚያው ቤቱ ውስጥ ይፈልግለታል።

ከደንበኛ ጋር ሲሆን ነገሩ ይለያል። የእነሱን አድራሻ እኛ አናዝበትም፤ `10.40`ን እነሱም ይዘውት ሊሆን ይችላል። በቅርቡ አንድ ደንበኛ የዕቃውን ሁኔታ በቀጥታ ከሲስተማችን ማየት ሲፈልግ ፒሪንጉን ትቼ ፕራይቬትሊንክ አደረግኩለት። እነሱ የሚያዩት በራሳቸው ኔትወርክ ውስጥ ያለች አንዲት አድራሻ ነች። ከኋላዋ ያለው የእኛ ሬንጅ ከእነሱ ጋር ቢደራረብም አይነካቸውም። በምትኩ የሚደርሱት ያንን አንድ አገልግሎት ብቻ ነው፤ ግንኙነቱን የሚጀምሩትም እነሱ ብቻ ናቸው። እኛ ወደ እነሱ መደወል አንችልም።