ያልሳቀው ጅብ፤ ስለ አንድ የሬዲዮ መግቢያ

ሐረር ውስጥ ባለ አንድ ኤፍ ኤም ጣቢያ በሳምንት አንድ ቀን አድማጮች ስለ እንስሳት የሚጠይቁትን ለየት ያለ ጥያቄ የሚመልስ አጭር ክፍለ ጊዜ አለ። ጥያቄዎቹ የትምህርት ቤት ፈተና ላይ የሚመጡ ዓይነት አይደሉም። አንዱ እንሽላሊት ጣሪያ ላይ ተገልብጣ ስትሄድ ለምን አትወድቅም ይላል፤ ሌላው ፍየል ለምን ዛፍ ላይ ትወጣለች ይላል። በዚያ ሳምንት የተመረጠው ከሰንጋ በር አካባቢ በስልክ የመጣ ነበር፦ «ጅብ ሌሊት የሚስቀው ምን አስቆት ነው?»

አቅራቢዋ ክፍለ ጊዜውን በራሱ በጅቡ ድምፅ ለመክፈት ወሰነች። ለሬዲዮ ከዚህ የተሻለ አከፋፈት የለም። ቴክኒሻኑም ከጣቢያው የድምፅ ክምችት «ጅብ» የሚል ስም የተሰጠውን ፋይል አወጣ። ሁለቱም የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሰከንዶች ሰሙና የጅብ ድምፅ መሆኑን ሲያረጋግጡ ወደ ሌላ ሥራ ዞሩ። በቀጥታ ስርጭቱ ላይ ድምፁ ለ20 ሰከንድ ያህል ሲሰማ፣ አቅራቢዋ በላዩ ላይ «አድማጮቻችን፣ ይህ የምትሰሙት የጅብ ሳቅ ነው» አለች። መግቢያውን ሳትጨርስ ስልኩ ጮኸ። ከግንቡ አጠገብ የሚኖሩ አንድ አዛውንት ነበሩ። «ልጄ፣ እሱ እኮ አልሳቀም፤ እየተጣራ ነው» አሏት።

ትክክል ነበሩ። በሐረር ዙሪያ የሚታየው ባለነጠብጣቡ ጅብ ብዙ ዓይነት ድምፅ አለው፤ ሰው የሚያምታታው ሁለቱን ነው። ጥሪው ከዝቅተኛ ድምፅ ተነስቶ መጨረሻው ላይ ወደ ላይ ይወጣል፤ ረዘም ይላል፣ ይደጋገማል፣ ኪሎ ሜትሮች ርቆም ይሰማል። ተራርቀው ያሉ የአንድ መንጋ ጅቦች እርስ በርስ የሚገናኙት በእሱ ነው። ሳቅ የሚባለው ግን ቀጭን፣ አጭርና ተከታታይ ነው፤ ተያይዘው የሚወጡ ትንንሽ ጩኸቶች ናቸው። ፋይሉ የሚጀምረው በጥሪው ነበር። ሳቁ የሚመጣው መሃል ላይ ደርሶ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ደግሞ ማንም አልሰማውም።

ሌላ ከተማ ቢሆን ስህተቱ ሳይታወቅ ያልፍ ይሆናል። ጅብ በየምሽቱ ሥጋ ከሰው እጅ በሚቀበልበት፣ በግንቡ ውስጥ ለጅብ መግቢያ ቀዳዳ በተተወበት ከተማ ግን አድማጩ ድምፁን ከጣቢያው ክምችት በላይ ያውቀዋል። ስለዚህ የእንስሳ ድምፅ ሲመረጥ የፋይሉን ስም ማመን አይበቃም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሰማል፤ የሚፈለገው ድምፅ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ሰከንድ ይጻፋል፤ ያ ብቻ ተቆርጦ አዲስ ስም ይሰጠዋል። «ጅብ» ሳይሆን «ጅብ ሳቅ» ወይም «ጅብ ጥሪ» ይባላል። ሥራው ብዙ ጊዜ አይወስድም፤ የሚቀጥለው ቴክኒሻንም ያመሰግናል።

ድምፁ ትክክል ቢሆን ኖሮ እንኳ መግቢያው ሌላ ችግር ነበረበት። «ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» በሚለው ተረት ይጀምራል፤ ጅብ የሚነሳበት ዝግጅት ሁሉ በዚህ ተረት ካልተጀመረ ሕግ የተጣሰ ይመስላል። ተረቱ ስለ ሳቅ የሚናገረው ነገር የለም፤ አድማጩም ገና ከመጀመሪያው ቃል መጨረሻውን ያውቀዋል። ቀጥሎ የጅብ ዝርያዎች ይዘረዘራሉ። ከዚያ ገና ጥያቄው ሳይነበብ «ጅብ የሚስቀው ተደስቶ ሳይሆን ተጨንቆ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ይመጣል። መልሱ በመጀመሪያው ደቂቃ ካለቀ ባጃጅ ውስጥ ያለው አድማጭ ጣቢያ ለመቀየር እጁን ይሰዳል፤ የተጋበዙት ባለሙያም የተነገረውን ከመድገም ሌላ ሥራ አይኖራቸውም።

ድምፁ ከንግግሩ ሥር መቀጠሉም አልበጀም። ሙዚቃ ዝቅ ብሎ ከሥር ቢሄድ ንግግርን ብዙ አይጎዳም። የጅብ ሳቅ ግን የሰው ንግግር በሚሰማበት ክልል ውስጥ ስለሚወድቅ፣ ዝቅ ቢደረግም ቃላቱን ይበላቸዋል። በስቱዲዮ ማዳመጫ ላይ ጥሩ ይመስላል፤ በትንሽ የስልክ ድምፅ ማውጫ፣ ሞተር እየጮኸ ሲሰማ ግን ግማሹ ንግግር ይጠፋል። ስለዚህ ድምፁ ለ5 ሰከንድ ብቻውን ይሰማል፣ ይቆማል፣ ከዚያ ሰው ይናገራል።

በማግስቱ መግቢያው እንደ አዲስ ተጻፈ፦

«(የጅብ ሳቅ፣ 5 ሰከንድ፤ ይቋረጣል) ይህን ድምፅ የጀጎል ሰው ያውቀዋል። ሌሊት ጅቦች አንድ አጥንት ላይ ሲገናኙ ይሰማል። ከሰንጋ በር የደወሉልን እናት ‹ጅብ ሌሊት የሚስቀው ምን አስቆት ነው?› ብለው ጠይቀዋል። እንግዲህ አጥንቱ አንድ ነው፤ ጅቡ ብዙ ነው። የሚስቀው የትኛው ይመስላችኋል? አጥንቱን የያዘው ወይስ ያጣው? ደውላችሁ ገምቱ፤ መልሱን ከአንድ ዘፈን በኋላ ከባለሙያው እንሰማለን።»

ሲነበብ አንድ ደቂቃ አይሞላም። የጠያቂዋ ቃል አልተነካም። ጥያቄው ወደ «ጅብ ሳቅ መሰል ድምፅ የሚያሰማበት ምክንያት» ቢለወጥ ኖሮ ሰንጋ በር ላይ ያለችው ጎረቤታቸው ጥያቄው የማን እንደሆነ አታውቅም ነበር። የመጨረሻው ምርጫ ደግሞ አድማጩን ወደ መልሱ ደጃፍ ያደርሰዋል እንጂ አያስገባውም።

መልሱ «ያጣው» ነው፤ ባለሙያውም ከዚህ ተነስተው ሰፋ አድርገው ሊያስረዱ ይችላሉ። ጅቡ ሳቅ የሚመስለውን ድምፅ የሚያወጣው ሲባረር፣ ሲነከስ፣ ወይም ምግብ ፈልጎ ከእሱ በላይ ያለው ሲከለክለው ነው። በባለነጠብጣብ ጅቦች መንጋ የበላይነቱ የሴቶቹ ነው፤ ግልገሏ ከእናቷ ቀጥላ ያለውን ደረጃ ትይዛለች፤ ከሌላ መንጋ የመጣ ወንድ ደግሞ ከታች ይጀምራል። በ2010 በአውሮፓ አቆጣጠር የታተመ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ በግቢ የሚኖሩ ጅቦችን ድምፅ የመረመረ ጥናት፣ የሳቁ ቅጥነት የጅቡን ዕድሜ እንደሚጠቁም አሳይቷል። አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል፦ «ጅቡ ፈርቶ ነው» ብሎ መደምደም ያሳስታል። ሥጋውን ይፈልጋል፣ መጠጋትም ይሰጋል፤ ድምፁ የሚወጣው በዚህ መሃል ሲያዝ ነው።

ስህተቱ የታረመው በዚያው ቀን ነበር። ዘፈኑ እንዳለቀ አቅራቢዋ «ቅድም የሰማችሁት ሳቅ ሳይሆን የጅብ ጥሪ ነው፤ ያረሙንን አባታችንን እግዜር ይስጥልን፤ ሳቁ ይህ ነው» ብላ ትክክለኛውን አሰማች። የተሳሳተውን ድምፅ ለማነጻጸር ብሎ እንደገና ማሰማት ግን ጥሩ አይደለም። እርማቱ ላይ ሬዲዮ የከፈተ ሰው ሁለቱን ሰምቶ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳይለይ ይቀራል።

ለሚቀጥለው ሳምንት የተያዘው ጥያቄ «የጅብ ኩስ ለምን ነጭ ይሆናል?» የሚል ነው። ለዚህ የሚከፈት ድምፅ የለም፤ በድምፅ ልክፈት ብሎ ያንኑ ሳቅ መልሶ ማምጣትም አድማጩን ወደ ባለፈው ሳምንት ይመልሰዋል። የሚሻለው ሰው ባየው ነገር መጀመር ነው፦ ጠዋት ከከተማ ወጣ ብሎ በእግሩ የሚሄድ ሰው መንገድ ዳር የሚያገኘው፣ ጠመኔ የመሰለ፣ ሲረገጥ የሚፈረፈር ነገር። ባለሙያው ደግሞ ጅቡ አጥንት እንደሚቆረጣጥም፣ ከአጥንቱ ሥጋ መሰሉና ስቡ ሆድ ውስጥ እንደሚፈጭ፣ የሚወጣው ግን ካልሲየም የበዛበት ስለሆነ ሲደርቅ እንደሚነጣ ያስረዳሉ። ትኩሱ አረንጓዴ መሆኑን መግቢያው ላይ መንካት አያስፈልግም፤ እሱን የሚያውቅ አድማጭ ራሱ ይደውላል።