ከሌሊቱ 9 ሰዓት የተያዘው ስብሰባ

ማክሰኞ ጥቅምት 18 ቀን 2018፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከሩብ ላይ ስልኬ ጠራ። የደወሉት ኮምቦልቻ ያሉት አስተባባሪያችን ናቸው። «ልጄ፣ የት ደረሳችሁ? ሰዉ እኮ ተሰብስቦ እየጠበቀ ነው» አሉኝ።

እኔ ደሴ ቢሮዬ ቁጭ ብያለሁ። ኃላፊያችን ደግሞ ለ3:30ው የኢንተርኔት ስብሰባ ኮምፒውተራቸውን እያዘጋጁ ነው። ኮምቦልቻ ስብሰባ እንዳለን ሁለታችንም አናውቅም።

መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ግን የሐረጎ ቁልቁለት በሩብ ሰዓት የሚወረድ አይደለም። አዳራሹ ውስጥ የሚጠብቁት ደግሞ ከቃሉ ወረዳ ቀበሌዎች ጎህ ሳይቀድ ተነስተው የመጡ ገበሬዎች ናቸው። ኃላፊያችን «አብሽር፣ መኪናውን አስነሱ» ብለው የኢንተርኔቱን ስብሰባ አዘገዩት። 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ደረስን። ገበሬዎቹን ማስጠበቃችን እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ወደ ቢሮው ኢሜይል የሚመጡትን የስብሰባ ጥሪዎች እያነበበ ካሌንደር ላይ የሚያሰፍር፣ ሁለት ስብሰባ ሲደራረብም የሚያስጠነቅቅ ትንሽ ፕሮግራም ጽፌ ነበር። ታዲያ ለምን ዝም አለ?

የኢንተርኔቱ ስብሰባ ጥሪ የመጣው ከ`.ics` ፋይል ጋር ነው። ፋይሉ ውስጥ ሰዓቱ እንዲህ ተጽፏል፦

```
DTSTART:20251028T063000Z
DTEND:20251028T073000Z
```

መጨረሻ ላይ ያለችው `Z` ሰዓቱ የዓለም አቀፍ መነሻ ሰዓት መሆኑን ትናገራለች። የእኛ በ3 ሰዓት ይቀድማል። ስለዚህ 06:30 የነበረው 09:30 ይሆናል፤ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3:30 ማለት ነው። ይህን ፕሮግራሙ በትክክል አስፍሮታል።

የኮምቦልቻው ጥሪ ግን ፋይል የለውም። በአማርኛ የተጻፈ ተራ ኢሜይል ነው፦ «ማክሰኞ ጥቅምት 18 ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት»። ቀኑን ወደ ኦክቶበር 28 በትክክል ቀይሮታል። ቀን መቀየሩ ስላስፈራኝ ደጋግሜ ፈትሼው ነበር። ሰዓቱን ግን እንዳለ ወስዶ 03:00 ላይ አስቀመጠው። በእኛ ቋንቋ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው።

ሁለት ስብሰባ የሚደራረበው የአንዱ መጀመሪያ ከሌላው መጨረሻ ሲቀድም፣ የሌላውም መጀመሪያ ከዚኛው መጨረሻ ሲቀድም ነው። በትክክለኛው ሰዓት አንዱ ከ09:00 እስከ 11:00፣ ሌላው ከ09:30 እስከ 10:30 ነው። መጋጨታቸው ግልጽ ነው። ፕሮግራሙ የሚያየው ግን አንዱን ከ03:00 እስከ 05:00 ነው፤ ያኛው ሳይጀምር ይኸኛው አልቋል። የእኛ ካሌንደር ደግሞ ሲከፈት ከሥራ ሰዓት ጀምሮ ነው የሚያሳየው። ሌሊቱን ወደ ላይ ገፍቶ ካላዩት የኮምቦልቻው ስብሰባ ዓይን ውስጥ አይገባም።

ቀድሞ ምልክት ሰጥቶኝ ነበር። በፊተኛው ሳምንት «ከቀኑ 8 ሰዓት» የተባለ ስብሰባ ከጠዋት ስብሰባችን ጋር ተጋጨ ብሎ አስጠነቀቀኝ። ከሰዓት በኋላ እንደሆነ ስለማውቅ ማስጠንቀቂያውን ዘግቼ አለፍኩ። ለካ 08:00 ላይ አስፍሮት ነው። እንዲህ ያለው ይብሳል። ሌሊት ላይ የወደቀ ስብሰባ ቢያንስ ሲታይ ያስደነግጣል፤ 08:00 ላይ የተቀመጠው ግን ትክክለኛ ይመስላል።

ማስተካከያው ከሰዓቱ ጋር ያለውን ቃል ማንበብ ነው፦

```
if word in ("ጠዋቱ", "ቀኑ"):
    hour = h % 12 + 6
elif word in ("ምሽቱ", "ሌሊቱ"):
    hour = (h % 12 + 18) % 24
else:
    hour = None
```

`h % 12` የገባችው በ12 ሰዓት ምክንያት ነው። መጀመሪያ ዝም ብዬ 6 ስደምር «ከጠዋቱ 12 ሰዓት» 18:00 ሆኖ ቁጭ አለ። 12ን እንደ ዜሮ ሲቆጥረው 06:00 ይሰጣል።

ከባዱ ቃል የሌለው ነው። «ስብሰባው 9:00 ላይ ነው» ብሎ የሚጽፍ ሰው ሞልቷል። አንዱ ጠዋት 3 ሰዓት ማለቱ ነው፣ ሌላው ከቀኑ 9። ይህን ፕሮግራሙ እንዲገምት አልፈቀድኩም። 09:00ም 15:00ም ላይ «ያልተረጋገጠ» ብሎ ይይዛቸዋል፤ ግጭትም በሁለቱም ላይ ይፈትሻል። ላኪው ሲጠየቅና ሲመልስ አንዱ ይሰረዛል።

ማክሰኞ ከኮምቦልቻ እንደተመለስን ከጽሑፍ የተመዘገቡትን በሙሉ ከዋናው ኢሜይል ጋር አንድ በአንድ አስተያየሁ። 4 ስህተት አገኘሁ። አንዱ የሐሙስ ነበር፣ ሐይቅ ከተማ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል። ለኃላፊያችን ወዲያው ነገርኳቸው፤ ለሾፌራችንም ሐሙስ በ1 ሰዓት ተኩል እንዲነሳ ደወልኩለት።